ባዶው አራተኛ ዓምድ

የፕሮፖዛል ማስገቢያው ቀን ነገ ጠዋት ሲሆን የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ያውቀዋል። ቡናው በርዷል፤ በጀቱ ሦስት ጊዜ ተደምሮ ሦስት የተለያየ ድምር ሰጥቷል፤ ሠንጠረዡም ገና አላለቀም። እኔ በማስታውሰው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ ሠንጠረዡ አራት ዓምድ ነበረው። ሦስቱ ሞልተዋል፤ «ታሳቢዎች» የሚለው አራተኛው ባዶ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «ሰላም ይሰፍናል፣ ዝናብ በወቅቱ ይጥላል፣ መንግሥት ይተባበራል ብለህ ዝጋው» አለኝ። ዘጋሁት። ፕሮጀክቱም ጸደቀ።

ያ ሠንጠረዥ ሙሉ ስሙ ሎጂካል ፍሬምወርክ ነው፤ በቢሮ ቋንቋ ሎግፍሬም ይባላል። ከጊዜ በኋላ ለጋሾች ሌላ ወረቀትም ይጠይቁ ጀመር፤ ቲዎሪ ኦፍ ቼንጅ፣ ማለትም የለውጥ ንድፈ ሐሳብ። ብዙ ባልደረቦቼ አዲሱን ነገር እንደ ፋሽን ነው ያዩት፤ የድሮውን ሠንጠረዥ በሣጥንና በቀስት አስጊጦ ማቅረብ። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው አስብ ነበር። ሁለቱን የሚለያቸው ቁም ነገር ግን ያቺ ሌሊት የዘጋኋት አራተኛ ዓምድ ውስጥ ነው ያለው። ይህን ለማሳየት አንድ የውኃ ጉድጓድና አንድ የባንግላዴሽ አማት ይበቁኛል።

ሠንጠረዡ ከየት መጣ

ሎግፍሬም የተወለደው በ1969 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ፕሮጀክቶቹ እንዴት እንደሚገመገሙ እንዲጠናለት አማካሪዎችን ቀጠረ። ከአማካሪዎቹ ጋር ስሙ የሚነሳው ሊዮን ሮዘንበርግ ነው። ያገኙት ችግር ዛሬም እንግዳ አይደለም። የፕሮጀክቶቹ ዓላማ ግልጽ ስላልነበረ ፕሮጀክቱ ተሳክቷል ወይም ወድቋል ለማለት አይቻልም ነበር። ሥራ አስኪያጁ በየትኛው ነገር ተጠያቂ እንደሆነ፣ የትኛው ከእጁ ውጪ እንደሆነ አይታወቅም። ግምገማው ደግሞ የሚጀመርበት የጋራ መነሻ ስለሌለው መጨረሻው ክርክር ነው።

ለእነዚህ ችግሮች የቀረበው መልስ በአንድ ገጽ ላይ የሚያልቅ ሠንጠረዥ ሆነ። ወደ ጎን አራት፣ ወደ ታች አራት፤ አሥራ ስድስት ሣጥን። ከታች ወደ ላይ ሲነበብ መጀመሪያ ተግባራቱ፣ ከዚያ ተግባራቱ የሚያስገኙት ውጤት፣ ከዚያ የፕሮጀክቱ ዓላማ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ፕሮጀክቱ አስተዋጽኦ የሚያደርግበት ሰፊ ግብ ይገኛል። ወደ ጎን ሲነበብ በመጀመሪያው ዓምድ ምን እንደምንፈልግ፣ በሁለተኛው መድረሳችንን የምናውቅበት አመልካች፣ በሦስተኛው ማስረጃው የሚገኝበት ቦታ፣ በአራተኛው ደግሞ ከእኛ እጅ ውጪ ሆኖ እውነት መሆን ያለበት ነገር፣ ታሳቢው፣ ይጻፋል።

የሠንጠረዡ ብልሃት ያለው አነባበቡ ላይ ነው። በቀጥታ ወደ ላይ አይነበብም፤ እየተጠማዘዘ ነው። ተግባራቱን ከሠራንና በዚያው ረድፍ ያለው ታሳቢ እውነት ከሆነ ውጤቱ ይገኛል። ውጤቱ ከተገኘና በውጤቱ ረድፍ ያለው ታሳቢ እውነት ከሆነ ዓላማው ይሳካል። እያንዳንዱ እርምጃ በአራተኛው ዓምድ በኩል ዞሮ ነው የሚወጣው። ዓምዱ ባዶ ከሆነ ወይም «መንግሥት ይተባበራል» በሚል ቃል ከታሸገ፣ የቀረው ሥራ ዝርዝር እንጂ አመክንዮ የለውም።

ወደ ጉድጓዱ ልምጣ። አንድ ድርጅት በአንድ ወረዳ 20 ጉድጓድ በእጅ አስቆፍሮ፣ በኮንክሪት ቀለበት አስገንብቶ፣ በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የሚታወቀውን የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ሊተክል ነው እንበል። ተግባራቱ ቦታ መምረጥ፣ መቆፈር፣ ፓምፕ መትከል፣ የውኃ ኮሚቴ ማቋቋምና ጥገና የሚችል ሰው ማሠልጠን ናቸው። ውጤቱ ንጹህ ውኃ የሚሰጡ 20 ጉድጓዶች ናቸው። ዓላማው ደግሞ አባወራዎቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠጡት ውኃ ከጉድጓዱ እንዲሆን ነው።

ጥሩ ሎግፍሬምና መጥፎ ሎግፍሬም ከዚህ በኋላ ይለያሉ። መጥፎው አመልካቹን «የተቆፈሩ ጉድጓዶች ብዛት» ብሎ ይጽፋል፤ ማስረጃውም የርክክብ ሰነድ ይሆናል። ጥሩው «በሚያዝያ ወር ውኃ የሚሰጡ ጉድጓዶች ብዛት» ይላል፤ ምክንያቱም ጥልቀቱ ያልበቃ ጉድጓድ ራሱን የሚያጋልጠው ክረምት ሲወጣ ሳይሆን የበጋው መጨረሻ ላይ፣ የከርሰ ምድር ውኃው ዝቅ ሲል ነው። ማስረጃው ሰነድ ሳይሆን ጉብኝት ይሆናል። በአራተኛው ዓምድም «ማኅበረሰቡ በባለቤትነት ስሜት ይንከባከበዋል» ከሚል ይልቅ «የፓምፑ ጎማዎችና ሌሎች የሚያልቁ ዕቃዎች በወረዳው ከተማ ገበያ ይገኛሉ» የሚል ይጻፍበታል። ይህንኛውን ሞተር ሳይክል ተነሥቶ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ማጣራት ይቻላል።

የሎግፍሬም መመሪያዎች ለእያንዳንዱ ታሳቢ ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ ያዝዛሉ። ይህ ነገር ባይሆን ፕሮጀክቱ ይጎዳል? የማይጎዳ ከሆነ ይሰረዝ። የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ነው? መሆኑ የማይቀር ከሆነ መጻፍ አያስፈልግም፤ አጠራጣሪ ከሆነ ይጻፍና ይከታተሉት። የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ሆኖ ካለ እሱ ግን ፕሮጀክቱ የማይቆም ከሆነ፣ ንድፉ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ፕሮጀክቱ ይተው። ይህ ዓይነቱ «ገዳይ ታሳቢ» ይባላል። በእኛ ምሳሌ የጎማ ሻጭ በወረዳው ከሌለ፣ የአንድ ሱቅ ባለቤት ዕቃውን እንዲይዝ ማድረግ ራሱ ወደ ተግባራቱ ረድፍ ይወርዳል። ታሳቢው ተግባር ሆነ ማለት ነው። ይህን ያደረገ ሎግፍሬም ያየሁት ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ጉድጓዱ ለሠንጠረዡ የሚመቸው ሰንሰለቱ አጭርና የታወቀ ስለሆነ ነው። ቆፍረህ ውኃ ካገኘህና ፓምፑ ከሠራ ውኃ ይወጣል፤ ማንንም ማሳመን አያስፈልግም። አብዛኛው ሥራ በድርጅቱ እጅ ነው። ከዓመት በኋላ የሚጠየቀው ጥያቄም «ቃል የገባችሁትን አደረጋችሁ?» የሚል ስለሆነ አንድ ገጽ ይበቃዋል።

አማቲቱ

ባንግላዴሽ በ1995 የተቀናጀ የሥነ ምግብ ፕሮጀክት የሚባል ሰፊ ሥራ በዓለም ባንክ ድጋፍ ጀመረች። እስከ 2002 ዘልቋል። ሐሳቡ በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ በ1980 ከተጀመረ ተመሳሳይ ሥራ ብዙ የወሰደ ነበር። በየመንደሩ የአካባቢው ሴቶች ተመልምለው ይሠለጥናሉ። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በየወሩ ይመዝናሉ፤ ለእናቶችና ለነፍሰ ጡሮች ምክር ይሰጣሉ። ክብደታቸው የማይጨምር ሕፃናትና በጣም የቀጠኑ ነፍሰ ጡሮች ተጨማሪ ምግብ ያገኛሉ።

መነሻው ምክንያታዊ ነው። የሕፃናት መቀጨጭ ከምግብ እጦት ብቻ አይመጣም፤ ከአመጋገብ ልማድም ይመጣል። ስለዚህ እናት ካወቀች አመጋገቡን ታሻሽላለች፤ አመጋገቡ ከተሻሻለ ልጁ ያድጋል። ይህን በሎግፍሬም ብናስቀምጠው (ሠንጠረዡ የእኔ ነው፤ ከፕሮጀክቱ ሰነድ የተቀዳ አይደለም) በተግባሩ ረድፍ ሥልጠናና ምዘና፣ በውጤቱ ረድፍ ምክር ያገኙ እናቶች፣ በዓላማው ረድፍ የተሻሻለ አመጋገብ፣ በግቡ ረድፍ የቀነሰ መቀጨጭ ይገባል። አመልካቾቹ ቁጥሮች ናቸው፤ ስንት ሠራተኛ ሠለጠነ፣ ስንት ሕፃን ተመዘነ፣ ስንት እናት ተመከረች። እነዚህ ቁጥሮች ደግሞ ጥሩ ነበሩ። ሥራው በርግጥ ተሠርቷል፤ አብዛኞቹ እናቶችም ልጆቻቸውን አስመዝነዋል።

የታየው ለውጥ ግን ከተጠበቀው ያነሰ ሆነ። ፕሮጀክቱ ባልደረሰባቸው አካባቢዎችም የሕፃናቱ ሁኔታ በዚያው ጊዜ እየተሻሻለ ስለነበር ልዩነቱ ጠባብ ነበር። ሴቭ ዘ ችልድረን ዩኬ በ2003 ባወጣው ሪፖርት ይህ ዓይነቱ በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚካሄድ ማኅበረሰብ አቀፍ የሥነ ምግብ ሥራ የቆመበትን ማስረጃ ጥያቄ ውስጥ አስገባ። ሪፖርቱ የተመለከተው ሦስት አገሮችን ነው፤ ባንግላዴሽን፣ ኡጋንዳንና ኢትዮጵያን። በ2005 ደግሞ የዓለም ባንክ የራሱ የግምገማ ክፍል በኢኮኖሚስቱ ሃዋርድ ዋይት መሪነት ጉዳዩን አጠና። ዋይት «ሠርቷል ወይስ አልሠራም?» ብሎ አላቆመም፤ ሰንሰለቱን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ያዘና የተበጠሰበትን ቦታ ፈለገ።

የመጀመሪያው ብጥስ ምክሩ የሚሰጠው ለማን ነው በሚለው ላይ ተገኘ። ፕሮጀክቱ ያነጋገረው እናቶችን ነው። በባንግላዴሽ ገጠር ግን ገበያ ሄዶ የሚገዛው በአብዛኛው ባል ነው። ወጣቷ ሚስት ከባሏ እናት ጋር በአንድ ግቢ በምትኖርበት ቤት ደግሞ ስለ ማዕድ ቤቱና ስለ ልጁ የመጨረሻውን ቃል የምትናገረው አማቲቱ ናት። ወግ አጥባቂ በሆኑ አካባቢዎች ከአማታቸው ጋር የሚኖሩ ሴቶች ወደ ምዘናው የመምጣታቸው ዕድል ራሱ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ሠራተኛዋ ምክሯን ሰጥታ ትመለሳለች፤ ምክሩን የሰማችው ሴት ግን በቤቱ ሥልጣን የላትም።

ሁለተኛው ብጥስ በማወቅና በማድረግ መካከል ነበር። ነፍሰ ጡር ብዙ መብላትና ማረፍ እንዳለባት ብዙዎቹ ሰምተዋል። ድሃ ቤት ውስጥ ግን ጨምሮ የሚበላው ከየት ይመጣል? የምታርፈዋ ሴት ሥራ በማን ይሠራል? ከዚህም በላይ ብዙ ከበላሁ ልጁ ገዝፎ ምጥ ይጠናብኛል የሚል ፍርሃት ነበር። ይህን ፍርሃት በእኛም አገር የሰማ አንባቢ አይጠፋም። ሦስተኛው ብጥስ በተጨማሪው ምግብ ላይ ነው። መመገብ የሚገባቸው አንዳንዶች ሳይመዘገቡ ቀሩ። ከተመገቡት ውስጥ ደግሞ የአንዳንዶቹ ቤት «እዚያ በልቷል» ብሎ የማታውን ድርሻ ቀነሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ፤ ቁጥሩ የባንግላዴሽ ሳይሆን ለማስረዳት የመረጥኩት ነው። ሰንሰለቱ አምስት ቀለበት አለው እንበል፤ እያንዳንዱም ከአሥር ስምንት ጊዜ ይይዛል። ስምንት ከአሥር ማንኛውም ሥራ አስኪያጅ የሚኮራበት ውጤት ነው። ከ100 ቤት 80 ይመጣል፤ ከእነዚያ 64ቱ ይረዳሉ፤ 51ዱ ለማድረግ ይወስናሉ፤ 41ዱ አቅም ያገኛሉ፤ መጨረሻ ላይ ልጃቸው የሚለወጥላቸው 33 ናቸው። ማንም ሥራውን አልበደለም፤ ከሦስት ቤት ግን ሁለቱ በመንገድ ቀሩ። ሎግፍሬሙ ከአምስቱ ቀለበቶች አብዛኞቹን «ምክር ያገኙ እናቶች» እና «የተሻሻለ አመጋገብ» በሚሉት ሁለት ሣጥኖች መካከል ባለች አንዲት ቀጭን መስመር ውስጥ ደብቋቸዋል። በዚያች መስመር ቀኝ ጫፍ ያለው ሣጥን ደግሞ፣ የታሳቢው ሣጥን ማለቴ ነው፣ «እናቶች የልጆቻቸውን አመጋገብ ይወስናሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሊጻፍበት ይችል ነበር። ቢጻፍ ኖሮ አንድ የመንደር ሰው አንብቦት ይስቅ ነበር።

ከላይ ወደ ታች መሄድ

የለውጥ ንድፈ ሐሳብ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካ ድሃ ሰፈሮች ነው። በ1990ዎቹ አስፐን ኢንስቲትዩት ሥር የተሰባሰቡ ሰዎች ትምህርትን፣ ሥራን፣ ጤናንና መኖሪያ ቤትን በአንድ ሰፈር ባንድነት ለመለወጥ የሚጥሩ ሥራዎችን እንዴት እንገምግም ብለው ተቸገሩ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይነካካል፤ ማወዳደሪያ ሰፈርም የለም። የግምገማ ምሁሯ ካሮል ዋይስ በ1995 ያቀረበችው ሐሳብ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም ይናገረውም አይናገረውም ለውጥ እንዴት እንደሚመጣ አንድ እምነት አለው፤ ያንን እምነት ደረጃ በደረጃ አውጡትና የትኛው ደረጃ እውነት እንደሆነ ተመልከቱ። የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው እርስ በርስ የማይስማሙበት እምነት እንዳላቸው የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

አሠራሩ ከሎግፍሬም የተገላቢጦሽ ነው። በሎግፍሬም መጀመር ያለበት ከግቡ ነው ይባላል፤ በቢሮ ግን ሁልጊዜ ከተግባሩ ነው የሚጀመረው፤ «ሥልጠና እንሰጣለን» የሚለው አስቀድሞ ተወስኗል። በለውጥ ንድፈ ሐሳብ ተግባር መጀመሪያ ላይ አይነሳም። የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ ሁለት ዓመት የሞላውና በደንብ ያደገ ልጅ። ይህ እንዲሆን አስቀድሞ ምን ምን እውነት መሆን አለበት? ልጁ በቂ ምግብ በቀን ደጋግሞ ይበላል፤ በተቅማጥ እየተመላለሰ አይታመምም። ደጋግሞ እንዲበላስ? ምግቡ ቤት አለ፤ የሚሰጠው ሰውም ጊዜ አለው፤ መስጠት እንዳለበትም ያምናል። ምግቡ ቤት እንዲኖርስ? የሚገዛው ሰው ለሕፃኑ ብሎ ይገዛል። የሚገዛው ማነው?

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ መንደር ወርደን የምንጠይቃት ናት። በባንግላዴሽ ቢጠየቅ መልሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገኝ ነበር። ተግባር የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። ለእናት ብቻ የሚሰጠው ምክር ወደ አማትና ወደ ባል ይሰፋል፤ ገበያ ውለው የሚመለሱ ወንዶች የሚገኙበት ሰዓትና ቦታ ይታሰባል። በገንዘብ እጦት ለቆመው ቀለበት ደግሞ ምክር እንደማይበቃ ይታወቃል፤ ወይ የገቢ ድጋፍ ይጨመራል፤ ወይ ፕሮጀክቱ በጣም ድሃ ለሆኑት ቤቶች እንደማይደርስ በግልጽ ያምናል።

በሥዕሉ ላይ ዋናው ሣጥኑ ሳይሆን ቀስቱ ነው። እያንዳንዱ ቀስት ሦስት ነገር ይዞ መገኘት አለበት። ይህ ወደዚያ ያደርሳል የምንለው በምን ምክንያት ነው? ማስረጃችን ምንድን ነው፤ ጥናት፣ ልምድ ወይስ ግምት? ባይሆንስ ቀድመን የምናውቀው በምን ምልክት ነው? ከሦስቱ እጅግ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው። በባንግላዴሹ ሥራ የመዝጋቢዋ ደብተር ላይ «ከአማት ጋር ትኖራለች?» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመር ኖሮ፣ የመጣችውንና የቀረችውን ለይቶ ለመቁጠር በተቻለ ነበር። ስድስት ወር በበቃ። ግምገማው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሥዕሉ ላይ አንድ አግድም መስመርም ይሰመራል፤ ተጠያቂነታችን እዚህ ያበቃል የሚል ጣሪያ። ከእሱ በላይ ያለውን ለውጥ እንመኛለን፤ እንከታተለዋለን፤ ነገር ግን በእኛ ሥራ ብቻ ይመጣል ብለን ቃል አንገባም። ለጋሽ ፊት ይህን መስመር ማስመር ድፍረት ይጠይቃል። በሎግፍሬም ላይ ፕሮጀክቱ ለግቡ አስተዋጽኦ ያደርጋል እንጂ ብቻውን አያመጣውም የሚለው ነገርም የተቀመጠው ለዚሁ ነበር፤ በተግባር ግን በሦስት ዓመት ፕሮጀክት የአንድ ክልል ድህነት ሲቀንስ የሚያሳይ አመልካች ያላየ ገምጋሚ የለም።

የለውጥ ንድፈ ሐሳብም በሽታ አለበት። በብዛት የሚታየው ሎግፍሬሙ ካለቀ በኋላ የሚሳል መሆኑ ነው። ረድፎቹ ሣጥን ይሆናሉ፣ በመካከላቸው ቀስት ይሰመራል፤ ግራፊክስ የሚችል ልጅ ቀለም ይቀባዋል። ይህን መለየት አይከብድም። ሣጥኖቹን በእጅህ ሸፍነህ ቀስቶቹን ብቻ እያሳየህ «ይሄኛው ለምን ይሆናል?» ብለህ ሠሪውን ጠይቅ። «ሥልጠና ስለወሰዱ» ካለህ ሣጥኑን ነው የደገመልህ። ሌላው ምልክት ስህተት ሊሆን የሚችል ነገር አለመኖሩ ነው። አንዱም ቀስት «ይህን አናውቅም» የማይልበት ሥዕል፣ ምንም ዓይነት መረጃ ቢመጣ አይናወጥም። የሣጥኑ ብዛትም ያሳብቃል፤ አርባ ሣጥን ሁሉ ለሁሉ በቀስት ከተያያዘ፣ የትኛው ቀለበት ላይ እንደምንወራረድ ማንም ሊነግርህ አይችልም።

የሎግፍሬምን በሽታዎች ደግሞ ዴስ ጋስፐር የተባለ ምሁር ስም ሰጥቷቸዋል። አንዱ አመክንዮ የሌለው ማዕቀፍ ነው፤ ሠንጠረዡ ቢሞላም ረድፎቹ እርስ በርስ አይያያዙም። ሌላው የተቆለፈ ማዕቀፍ ነው፤ አንዴ ከጸደቀ በኋላ መሬት ላይ ያለው ነገር ቢለወጥም ሠንጠረዡ አይነካም። ሁለተኛውን በደንብ አውቀዋለሁ። የተቆለፈ ሠንጠረዥ ያለው ቢሮ ማንም የማይመጣበትን ሥልጠና እስከ መጨረሻው ይሰጣል፤ አመልካቹ «የተሰጡ ሥልጠናዎች ብዛት» ነውና።

የቱ መቼ? ፕሮጀክት ሲነደፍ እኔ አሁን የምጠይቀው መጀመሪያ ቀለበቶቹ ይታወቃሉ ወይ የሚለውን ነው። የተፈናቀሉ ሰዎች ሜዳ ላይ ናቸው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውኃ፣ ብርድ ልብስና ዱቄት መድረስ አለበት። ብርድ ልብስ ብርድ እንደሚከላከል ለመመርመር ዐውደ ጥናት አያስፈልግም። ሎግፍሬም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራል፤ ታሳቢዎቹ መንገዱና መጋዘኑ ናቸው። ክትባት ማዳረስ፣ መማሪያ ክፍል መገንባት፣ ድልድይ መሥራትም እዚህ ያርፋሉ፤ ሰዎች ይጠቀሙበታል ወይ የሚለው ጥያቄ እስካልመጣ ድረስ።

ያ ጥያቄ የመጣ እንደሆነ ነገሩ ይለወጣል። ያለዕድሜ ጋብቻን ማስቀረት ስንል ለውጡን የምናመጣው እኛ አይደለንም፤ አባት፣ እናት፣ ሽማግሌ፣ ቄስ ወይም ሼህ፣ የትምህርት ቤቱ ርቀት፣ የጥሎሹ ልማድ ነው። የእኛ ሥራ ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን መንካት ነው። ሕግ እንዲሻሻል መወትወት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ራሱን እንዲችል ማድረግ፣ የገጠር ወጣት ወደ ገልፍ አገሮች በደላላ ከመሄዱ በፊት እንዲያስብበት ማድረግ ከዚሁ ወገን ናቸው። በእነዚህ ላይ መጀመሪያ ሠንጠረዥ መሙላት የማናውቀውን ነገር እንደምናውቀው አስመስሎ ውል መፈረም ነው።

ወረቀቱ ለማን እንደሆነም ይታያል። ሎግፍሬም ውል ነው፤ ኦዲተርና ለጋሽ አንብበው «አደረጋችሁ፤ አላደረጋችሁም» ይሉበታል። የለውጥ ንድፈ ሐሳብ ውርርድ ነው፤ የሚሠሩት ሰዎች በዓመት አንዴ ግድግዳ ላይ ሰቅለው «የትኛው ቀስት ወደቀ?» ይሉበታል። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ሁለቱንም ያበላሻል። ውርርድህን ውል ካደረግኸው ማንም እንደተሸነፈ አይናገርም። ውልህን ውርርድ ካደረግኸው ደግሞ ገንዘቡ የት እንደገባ ማስረዳት ያቅትሃል።

በብዙ ሥራ ላይ ሁለቱም ይገባሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ወሳኝ ነው። ንድፈ ሐሳቡ አስቀድሞ ይሠራል፤ ከእሱ ውስጥ በድርጅቱ እጅ ያለው ክፍል ተቆርጦ ወደ ሎግፍሬም ይገባል። አጠራጣሪዎቹ ቀስቶች ደግሞ ተመርጠው አራተኛው ዓምድ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚከታተላቸው ይጻፋል። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሉ። አሥር ታሳቢ የሚከታተል ቢሮ አይቼ አላውቅም።

ያቺ ሌሊት የዘጋኋት ሠንጠረዥ የውኃ ፕሮጀክት ነበረች፤ አጭርና የታወቀ ሰንሰለት፣ ሎግፍሬም የሚበቃው ሥራ። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለጉብኝት ወረድኩ። ፓምፑ ይሠራል፤ ውኃው ጥሩ ነው፤ አመልካቹ ሞልቷል። ሴቶቹ ግን ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዙ ሲወርዱ በመንገድ አገኘኋቸው። ምክንያቱን የነገሩኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። ኮሚቴው ፓምፑ ቶሎ እንዳያልቅ ፈርቶ አጥሩን ይቆልፋል፤ ቁልፉ ያለው ሊቀመንበሩ ዘንድ ነው፤ ሊቀመንበሩም ጠዋት ማሳ ሄዶ ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ ነው የሚመለሰው። «ልጄ፣ ውኃ በ5 ሰዓት ምን ያደርግልኛል? እንጀራው የሚጋገረው በጠዋት» አሉኝ።

ቢሮ ስመለስ አመልካቹን ለማስቀየር ለለጋሹ ደብዳቤ ጻፍን፤ መልሱ አራት ወር ፈጀ። «በሚያዝያ የሚሠራ ፓምፕ» የሚለው ተሰርዞ «በሚያዝያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አጥሩ ክፍት የሆነ ፓምፕ» ተብሎ ተጻፈ። አራተኛው ዓምድ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ቁልፍ በአንዲት ሴት የኮሚቴ አባል እጅ እንደሚቀመጥ ጨመርንበት፤ የወረዳው ባለሙያ በየወሩ ሲዞር ቁልፉን አሳዪኝ እንዲላትም ተስማማን።